የተቆረጠ ቀረሶ በጨው ይንቀጠቀጣል፣ ከሰዓት ደግሞ ይደርቃል፤ ጡንቻው ምን እየሆነ ነው?

የነርሲንጓ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ነው የምኖረው፤ ነርሲንግ ሁለተኛ ዓመት ነኝ። አክስቴ ጣና ዳር አሳ ትሸጣለች። ክፍል በሌለኝ ቀን እየሄድኩ አግዛታለሁ።

ጥያቄዬ ይኼ ነው። ጠዋት ከጀልባ የወረደ ቀረሶ ፊሌቶ አወጣንና ጨው ነሰነስኩበት። ሥጋው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጭንቅላት የለው፣ አጥንት የለው፣ ቆዳው ተገፏል። ግን እዚህም እዚያም ጭምድድ ይልና ይለቃል። አንዷ ደንበኛ «ይኼማ ገና አልሞተም» ብላ ጥላን ሄደች። ሳይቆረጡ የቀሩት ደግሞ ከሰዓት ላይ ድርቅ ብለው አገኘኋቸው። በጅራት ሲያነሷቸው እንኳ አይታጠፉም።

ክፍል ውስጥ ጡንቻ ለመኮማተር ኤቲፒ የሚባለውን የሴል ጉልበት ይፈልጋል ተብለናል። የሞተ አሳ ኤቲፒ ከየት ያመጣል? ካለቀበትስ መላላት አልነበረበትም? ሰኞ ፈተና አለብኝ። ከነርቩ ጀምሮ ክሮስ ብሪጁ እስኪዞር ድረስ ያለውን ቅደም ተከተል ሸምድጄዋለሁ፤ አሳው ላይ ስሞክረው ግን አልገጥም አለኝ።

ባቱን የያዘው

እህቴ፣ እኔም ይኼው ችግር አለብኝ። ሌሊት ተኝቼ ባቴን ጭምድድ አድርጎ ይይዘኛል። ጮኬ ነው የምነሳው፤ ባለቤቴ እስክትነቃ ድረስ ማለት ነው። ሰው ሁሉ «ጨው አንሶህ ነው» ይለኛል። አንቺ ደግሞ ጨው ያንቀጠቅጣል አልሽ። ልጨምር ወይስ ልተው?

ሰነፉ

በጾም የፊሌቶ ወሬ መክፈት ምን የሚሉት ጭካኔ ነው?

ብረት ገፊ

ቀላል ነገር ነው። ነርቭ ኤሌክትሪክ ይልካል፣ ካልሲየም ከደም ወደ ጡንቻው ይገባል፣ ኤቲፒ ይቃጠልና ማዮሲን የሚባለው የጡንቻ ፕሮቲን አክቲን የሚባለውን ይስባል። ገመድ ጉተታ አድርገሽ አስቢው። ማዮሲኖቹ ተሰልፈው ገመዱን እኩል ይስባሉ። ኤቲፒ ሲያልቅ የመጨረሻውን ስበው እዚያው ቆሙ ማለት ነው፤ አሳሽ የደረቀው ለዚህ ነው።

ጂም ውስጥም መጨረሻ ላይ እጃችን እምቢ የሚለን ኤቲፒ አልቆብን ነው። ባቱን የያዘው ወንድሜ፣ ያንተም ያው ነው። ወተት ጠጣ፤ ካልሲየም ከሌለ ጡንቻ አይሠራም።

ጋሼ ፊዚዮ

ብረት ገፊ፣ ግማሹን አግኝተሃል። ግማሹ ግን ልጅቷን ሰኞ ዕለት ይጥላታል።

ልጄ፣ አሳውን ለጊዜው ተዪውና የራስሽን ባት ያዢ። ከአከርካሪሽ የሚነሳው የነርቭ ክር እስከ ባትሽ 90 ሴንቲሜትር ያህል ይጓዛል እንበል። በእንዲህ ያለ ነርቭ ላይ መልእክቱ በሰከንድ 50 ሜትር ገደማ ይሮጣል። ስለዚህ 18 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። የነርቩ ጫፍ ሲደርስ ቆመ። ኤሌክትሪኩ ራሱ ወደ ጡንቻው አይዘልም። በነርቩ ጫፍና በጡንቻው መካከል 50 ናኖሜትር የምትሆን ክፍተት አለች። ጫፉ ላይ ያሉት የካልሲየም በሮች ይከፈታሉ፣ ካልሲየም ከውጭ ይገባል፣ አሴቲልኮሊን የሚባለውን መልእክተኛ ኬሚካል የያዙት ከረጢቶች ክፍተቷ ውስጥ ይፈሳሉ።

ከውጭ የሚገባው ካልሲየም እዚህ ላይ አበቃ። ይኼንን ያዢልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሴቲልኮሊኑ ጡንቻው ላይ ያለውን ተቀባይ ሲነካ ሶዲየም ይገባል። ያረፈ የጡንቻ ክር ውስጡ ከውጩ በ90 ሚሊቮልት ያህል ኔጋቲቭ ነው። ሶዲየሙ ይኼንን ልዩነት ያጠበዋል። ልዩነቱ በቂ ሲጠብ ጡንቻው የራሱን አዲስ መልእክት ያስነሳል። መልእክቱ በክሩ ቆዳ ላይ ግራና ቀኝ ይሮጣል፤ ቲ ቲዩብ በሚባሉት ቀጫጭን ቱቦዎችም ወደ ክሩ መሀል ይገባል። መሀል ላይ ሳርኮፕላዝሚክ ሬቲኩለም የሚባለው የካልሲየም ማከማቻ ተቀምጧል። ቱቦው ላይ ያለው ፕሮቲን የቮልቴጁን ለውጥ ሲሰማ ቅርጹን ይቀይርና የማከማቻውን በር ይከፍተዋል። ክሩ ውስጥ ያለው ነፃ ካልሲየም ከ10 እጥፍ በላይ ይጨምራል።

እንግዲህ ነገሩን ልብ ብለሽ እዪው። ኤሌክትሪኩ እስካሁን ምንም አልጎተተም። በክሩ ላይ ያለፈው መልእክት በጥቂት ሚሊሰከንድ ውስጥ አልቆ ሄዷል፤ ጉልበቱ ግን ገና መነሳቱ ነው። የባት ጡንቻ ከአንድ መልእክት የሚያገኘው ጉልበት ጫፉ ላይ የሚደርሰው አሥር አሥር ሚሊሰከንዶች ተደራርበው ካለፉ በኋላ ነው፤ ዝግተኛው ክፍል እንዲያውም ወደ 100 ሚሊሰከንድ ይጠጋል። ጡንቻውን የሚያስጀምረው ኤሌክትሪኩ አይደለም፤ ኤሌክትሪኩ ያስወጣው ካልሲየም ነው።

ካልሲየሙ አክቲኑ ላይ ከተቀመጠው ትሮፖኒን ከሚባል ፕሮቲን ጋር ይያያዛል። ትሮፖኒን አክቲኑን የሸፈነውን ትሮፖማዮሲንን ገፋ ያደርገዋል። ያን ጊዜ አክቲን ላይ ማዮሲን የሚይዝበት ቦታ ይገለጣል። የሚቀጥለውን እራት በልቼ እጽፋለሁ።

የነርሲንጓ ልጅ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። እስከዚህ ድረስ ገባኝ። ግን የኔ አሳ ጭንቅላት የለውም እኮ፤ መልእክቱን ማን ላከው?

ላብ ልጅ

እሱን እኔ ልመልስ። አሳው ሞተ ማለት ሴሎቹ በሙሉ በአንዴ ሞቱ ማለት አይደለም። ፊሌቶው ውስጥ ያሉት የጡንቻ ክሮች ለተወሰነ ጊዜ ሕያው ናቸው። ኤቲፒ አላቸው፣ ማከማቻቸው በካልሲየም የተሞላ ነው፣ የቆዳቸው ቮልቴጅም አለ። የጎደለው የሚያስነሳቸው ብቻ ነው። ጨው ስትነሰንሺ ክሮቹ ዙሪያ የነበረው የጨው ሚዛን ይዛባል፣ ቮልቴጁ ይናጋል፣ መልእክት ይነሳል። ከዚያ በኋላ ያለው ጋሼ እንዳሉት ነው። ሰንሰለቱ ከመሀሉ ጀመረ ማለት ነው።

እኔ ግን ዋናው ተነሺ ጡንቻው አይመስለኝም፤ በሥጋው ውስጥ ተቆርጠው የቀሩት ቀጫጭን የነርቭ ጫፎች ናቸው ባይ ነኝ። ነርቭ ከጡንቻ ይልቅ በቀላሉ ይቆጣል። አንድ የነርቭ ክር ደግሞ ብዙ የጡንቻ ክሮችን በአንዴ ያስነሳል። የልጅቷ ሥጋ «እዚህም እዚያም» በክፍል በክፍል የተንቀጠቀጠው ለዚህ ነው።

ጋሼ ፊዚዮ

ላብ ልጅ፣ ሊሆን ይችላል። ግን በክፍል በክፍል መንቀጥቀጡ ብቻውን ማስረጃ አይሆንህም። ጨዉም የተነሰነሰው በክፍል በክፍል ነዋ። ፍሬው የወደቀበት ቦታ ክሩ ራሱ በቀጥታ ይነሳል።

የሁለቱን ልዩነት የሚለይ ሙከራ ድሮም ነበረ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው ክሎድ በርናር እንቁራሪት ላይ ኩራሬ የሚባለውን የቀስት መርዝ ሞከረ። ነርቩን ሲነካው ጡንቻው ዝም አለ። ጡንቻውን ራሱን ሲነካው ግን ተኮማተረ። መርዙ ነርቩንም ጡንቻውንም አልገደለም፤ የዘጋው መሀል ያለችውን መገናኛ ነው። ዛሬ የምናውቀው አሴቲልኮሊን የሚቀመጥበትን ተቀባይ እንደሚይዝ ነው። ፊሌቶህን እንዲህ ያለ መድኃኒት ውስጥ ነክረህ ጨው ጨምርበት። ያኔም ከተንቀጠቀጠ ነርቩ አያስፈልግም ነበር ማለት ነው።

ላብ ልጅ

ሁለቱም አብረው ቢሆኑስ ጋሼ? መድኃኒቱ መንቀጥቀጡን ቀነሰው እንጂ ባያጠፋውስ?

ጋሼ ፊዚዮ

ያኔ ሁለታችንም ቡና እንጋብዛለን።

አሁን ወደ ዋናው ልመለስ። ብረት ገፊ፣ ገመድ ጉተታህ መጥፎ አይደለም፤ ግን ሁለት ቦታ ይስታል። ማዮሲኖቹ እኩል አይስቡም። አንዱ ሲይዝ ሌላው ይለቃል፣ ሌላው ለመያዝ ይጠብቃል። ሁሉም በአንዴ ቢለቁ ጡንቻው ተመልሶ ይንሸራተታል። ሁለተኛውና ዋናው ደግሞ፣ ኤቲፒ የሚገባው ሊስብ ሲል አይደለም። ሊለቅ ሲል ነው።

ልጄ፣ አንዲት የማዮሲን ራስ ብቻ እንይ። ከመሀል እንጀምር፤ ስባ ጨርሳ አክቲኑን እንደያዘች። ኪሷ ባዶ ነው። በዚህ ሁኔታ ብትተዪያት አትለቅም፤ አጥብቃ ይዛለች። ኤቲፒ መጥቶ ኪሷ ውስጥ ሲገባ መያዣዋ ይላላና አክቲኑን ትለቃለች። ከለቀቀች በኋላ ኤቲፒውን ወደ ኤዲፒና ፎስፌት ትሰነጥቀዋለች፤ ሁለቱንም ግን አትጥላቸውም፣ እዚያው ኪሷ ውስጥ ናቸው። ስትሰነጥቀው አንገቷ ወደ ኋላ ይቀለበሳል። ጉልበቱ የተቀመጠው በዚህ ቅልብስ ውስጥ ነው።

ካልሲየም ከሌለ አክቲኑ የተሸፈነ ነው፤ ራሷ እንደተቀለበሰች ትጠብቃለች። ያረፈ ጡንቻ ማለት ይኼ ነው። ተዘጋጅቷል እንጂ ባዶ አይደለም። ካልሲየም ሲመጣ ቦታው ይገለጣል፣ ራሷ ትይዛለች፣ ፎስፌቱ ይወጣል፣ አንገቷ ይመለሳል፣ አክቲኑ ከ5 እስከ 10 ናኖሜትር ተስቦ ይሄዳል። ኤዲፒው ይወጣል። ኪሷ እንደገና ባዶ ሆነ፤ ተመልሰን የጀመርንበት ደረስን። አዲስ ኤቲፒ እስኪመጣ ድረስ አትለቅም።

በሕያው ጡንቻ ውስጥ ኤቲፒ በብዛት ስላለ ይኼ ባዶ ኪስ የምንለው ጊዜ በጣም አጭር ነው። በሞተው አሳ ውስጥ ግን ያለቀው ኤቲፒ አይተካም። ኤቲፒው ሲያልቅ ራሶቹ አንድ በአንድ ይይዛሉ፤ የያዘችው አትለቅም። አሳሽ የደረቀው እየሳበ ስለሆነ አይደለም። መልቀቅ ስላቃተው ነው።

የነርሲንጓ ልጅ

ወይኔ ጋሼ! እኔ እኮ ኤቲፒን የመሳቢያ ነዳጅ ብቻ አድርጌ ነበር የያዝኩት። ቆይ ግን፣ ለመያዝ ካልሲየም ያስፈልጋል ብለዋል። የሞተ አሳ ነርቭ መልእክት አይልክ፣ በሩን ማን ከፈተው?

ጋሼ ፊዚዮ

ማንም በወጉ አልከፈተውም። ካልሲየሙ ዘወትር ከማከማቻው ትንሽ ትንሽ ያፈሳል። በሕይወት ሳለ ፓምፕ መልሶ ያስገባዋል፤ ፓምፑም በኤቲፒ ነው የሚሠራው። ኤቲፒ ሲያንስ ፓምፑ ይደክማል፣ ካልሲየሙ ውጭ ይጠራቀማል፣ አክቲኑ ይገለጣል። በዚያ ላይ አጥብቀው የያዙት የመጀመሪያዎቹ ራሶች ራሳቸው ትሮፖማዮሲኑን ገፍተው ለጎረቤታቸው ቦታ ይከፍታሉ። ስለዚህ ኤቲፒ ጨርሶ ሲጠፋ ካልሲየም ባይኖርም ጡንቻው ይደርቃል።

ላብ ልጅ

ይኼን በዓይኔ አይቼዋለሁ። የጥንቸል ጡንቻ ግሊሰሮል ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይቀመጣል። የክሮቹ ቆዳ ይበሳሳል፣ ኤቲፒውና ካልሲየሙ ታጥቦ ይወጣል። ስታነሱት ድርቅ ያለ ነው። ካልሲየሙን የሚይዝ ኬሚካል ጨምረን ኤቲፒ ብቻ ስንሰጠው ላላ፤ በመርፌ ጫፍ ስስበው ተለጠጠልኝ። ከዚያ ካልሲየም ስንጨምርበት በዓይናችን እያየነው አጠረ። ነርቭ የለ፣ ኤሌክትሪክ የለ። ለኔ ከሥዕሉ ሁሉ ይኼ ነው ያሳመነኝ።

ብረት ገፊ

እሺ ገመዱን ለቅቄያለሁ። ካልሲየም ግን ከደም አይመጣም ያሉትን አልተቀበልኩም። ታዲያ ሐኪም ለምን ካልሲየም ያዝዛል? ካልሲየም ያነሰው ሰው ጡንቻው አይላላም?

ጋሼ ፊዚዮ

አይላላም፤ እንዲያውም ይጨመደዳል። ለነርሲንጓም የሚጠቅም ስለሆነ ዘርዘር ላድርገው።

የአጽም ጡንቻ በእያንዳንዱ መኮማተር የሚጠቀመው የራሱን ማከማቻ ነው፤ ከውጭ የሚገባውን አይጠብቅም። ካልሲየም በሌለው ፈሳሽ ውስጥ የተቀመጠ የጡንቻ ክር በቀጥታ ሲነካ ለተወሰነ ጊዜ መኮማተሩን ይቀጥላል። ልብ ግን እንዲህ አይደለም። በ1880ዎቹ እንግሊዛዊው ሲድኒ ሪንገር የእንቁራሪት ልብ ካልሲየም በሌለው ፈሳሽ ውስጥ መምታቱን እንደሚያቆም አሳይቷል። የልብ ጡንቻ በየምቱ ከውጭ ትንሽ ካልሲየም መግባት አለበት፤ እሱ ነው የማከማቻውን በር የሚያስከፍተው። የአጽም ጡንቻ ግን በሩን የሚከፍተው በቮልቴጅ ነው።

ታዲያ በደም ውስጥ ያለው ካልሲየም ሲያንስ የሚታወከው የጡንቻው ማከማቻ ሳይሆን ነርቩ ነው። ካልሲየም የነርቩን የሶዲየም በሮች ረጋ አድርጎ ይይዛቸዋል። ሲያንስ በሮቹ በትንሹም ይከፈታሉ፣ ነርቩ ያለ ትእዛዝ መልእክት ይልካል፣ ጡንቻው ይጨመደዳል። ልጄ፣ የደም ግፊት መለኪያውን ጨርቅ ክንድ ላይ አስረሽ ከላይኛው ግፊት በላይ ነፍተሽ እስከ 3 ደቂቃ ብታቆዪው፣ ካልሲየም ያነሰው ሰው እጅ አንጓው ላይ ይታጠፋል፣ ጣቶቹ ተገጣጥመው ቀጥ ይላሉ። ትሩሶ ምልክት የተባለው ይኼ ነው። ወተት ጠጣ የተባለው ወንድማችን ባቱ የያዘው በካልሲየም ማነስ ነው እያልኩ አይደለም፤ «ካልሲየም ሲያንስ ጡንቻ ይላላል» የሚለው ሐሳብ በተግባር የተገላቢጦሽ መሆኑን ለማሳየት ነው።

ባቱን የያዘው

ተመስገን፣ ሰው አስታወሰኝ። እኔ ግን የአሳው መድረቅና የኔ ባት አንድ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር። እንዲያው ኤቲፒዬ ካለቀ ምን ቀረኝ?

ጋሼ ፊዚዮ

አይዞህ ወንድሜ፣ አንድ አይደለም። የሚለይበትም መንገድ አለ። ክራምፕ የያዘው ጡንቻ ውስጥ የጡንቻ መመርመሪያ መርፌ ቢገባ መሣሪያው በመልእክት ይጮኻል፤ ነርቩ ያለማቋረጥ እየተኮሰ ነው። የደረቀው አሳ ላይ ቢገባ ጸጥ ያለ ነው። ያንተ ጡንቻ የተያዘው ትእዛዝ ስለበዛበት ነው፤ የአሳው ትእዛዝም የለው፣ መልቀቂያም የለው። ለዚህ ነው እግርህን ቀጥ አድርገህ ጣቶችህን ወደ ራስህ ስትስባቸው የሚለቅህ። አሳው ግን ብትስበው ይቀደዳል እንጂ አይላላም።

ጨው አትጨምር። በተለይ ግፊት ካለብህ ጭራሽ አታስበው። በየሌሊቱ የሚይዝህ ከሆነ፣ ወይም የሽንት መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ፣ ጤና ጣቢያ ሄደህ ተመርመር።

ላብ ልጅ

ጋሼ፣ «ነርቩ እየተኮሰ ነው» ያሉት ልክ ነው፤ የት ላይ ነው የሚጀምረው የሚለው ግን ያከራክራል። ከአከርካሪው ነው የሚሉ አሉ፣ ከነርቩ ጫፍ ነው የሚሉም አሉ። እኔ ወደ አከርካሪው አደላለሁ፤ ጡንቻውን መለጠጥ የሚያቆመው ወደ አከርካሪ የሚሄደውን ምልክት ስለሚቀይር ይመስለኛል።

ብረት ገፊ

የጂሙ ግን ኤቲፒ ነው፣ እሱን አትንኩብኝ። መጨረሻ ላይ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ አልነሳም ይላል።

ላብ ልጅ

ብረት ገፊ፣ ኤቲፒህ በእውነት ቢያልቅ እጅህ ብረቱን አይጥለውም ነበር። ብረቱን እንደያዘ ደርቆ ይቀር ነበር፤ ከዚያ እኛ ነን በጋሪ የምናመጣህ። ሲደክምህ እጅህ የሚላላው ኤቲፒው ብዙም ስለማይወርድ ነው። ሰውነትህ ክሬቲን ፎስፌትን እየሰበረ ይተካዋል። ሲሰበር የሚወጣው ፎስፌት ይጠራቀማል። አስታውስ፣ ማዮሲኗ እንድትስብ ፎስፌቱ ከኪሷ መውጣት ነበረበት። ውጭው በፎስፌት ሲሞላ መውጣቱ ይከብዳል፣ ስበቱ ይዳከማል። ማከማቻውም የሚለቀው ካልሲየም ይቀንሳል። ጡንቻው ኤቲፒው ሳያልቅበት ቀድሞ ሥራውን ይቀንሳል።

አሳ ቆራጩ

እኔ የተማርኩት በቢላ ነው፤ ይቅርታ ካበላሸሁ። ግን ያላችሁት ሁሉ ጣና ዳር በየቀኑ የሚታይ ነገር ነው። ሌሊቱን ሙሉ መረብ ውስጥ ሲታገል ያደረ አሳ ቶሎ ይደርቃል። ቶሎ ወጥቶ ወዲያው የታረደው ዘግየት ይላል። ፊሌቶ ሳይደርቅ ከተቆረጠ በኋላ ይሰበሰባል፤ አጥሮ ይወፍራል። ደንበኛ «አሳነስክብኝ» ይላል። ሲደርቅ ከተቆረጠ ደግሞ ቀጥ ላድርግህ ስትለው ሥጋው ይሰነጠቃል። ደርቆ ከለቀቀ በኋላ የተቆረጠ ነው ቆንጆ የሚሆነው።

መድረቁን የማየው እንዲህ ነው። አሳውን ጠረጴዛ ላይ አስተኛና ከወገቡ በታች ያለውን ከጠርዙ ውጭ አደርገዋለሁ። ጅራቱ ከወረደ ገና ነው ወይም ለቋል፤ ቀጥ ካለ ደርቋል። ጥያቄ ግን አለኝ። በረዶ ውስጥ ወዲያው ስናስገባው አንዳንዴ ይበልጥ ቶሎ የሚደርቀው ለምንድን ነው? ብርድ ነገር ያዘገያል አይደል እንዴ?

ጋሼ ፊዚዮ

ወንድሜ፣ ምኑን አበላሸኸው፤ የመረቡን ነገር ከዚህ በተሻለ አላስረዳውም ነበር። ሲታገል ያደረው አሳ የኤቲፒ መተኪያውን ጨርሶ ነው የሚሞተው። ስለዚህ ድርቀቱ ይቀድማል። ሳይደርቅ የተቆረጠው የሚያጥረው አጥንቱ ስለማይዘው ነው፤ ክሮቹ ገና ኤቲፒ ስላላቸው መሳብ ይችላሉ፣ ስለዚህ ይሰበሰባሉ።

የበረዶው ነገር የተለመደ ነው። ሞቅ ያለ ውሃ የለመደ አሳ በድንገት ወደ በረዶ ሲገባ ካልሲየም የሚመልሰው ፓምፕ በብርዱ ይዘገያል። ካልሲየሙ ውጭ ይቀራል፣ ማዮሲኑ ያለጊዜው ይዞ እየሳበ ኤቲፒውን ይጨርሰዋል። ግን በዚህ ምክንያት በረዶውን እንዳትተወው። መድረቅ መበላሸት አይደለም። በረዶው የሚያስፈልገው ለባክቴሪያው ነው።

የነርሲንጓ ልጅ

አንድ ስሌት ሠራሁ፤ እዩልኝ። የጡንቻ ክሩ ትንሿ የመኮማተሪያ ክፍል፣ ሳርኮሜር፣ 2.2 ማይክሮሜትር ነው ብል፣ በ10 ከመቶ ቢያጥር 220 ናኖሜትር ነው። አክቲኑ ከሁለቱም ወገን ስለሚሳብ ለአንድ ወገን 110 ናኖሜትር ይደርሰዋል። አንድ ስበት 10 ናኖሜትር ከሆነ 11 ጊዜ መያዝና መልቀቅ አለ ማለት ነው። እያንዳንዱ መልቀቅ ደግሞ አንድ ኤቲፒ። ልክ ነኝ?

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር ገረመኝ። አሳ ቆራጩ «ደርቆ ከለቀቀ በኋላ» አሉ። ኤቲፒ ከየት መጥቶ ለቀቀ?

ጋሼ ፊዚዮ

ስሌትሽ ለመነሻ ይሆናል። 11 ያልሽው ግን ለእያንዳንዷ ራስ አይደለም። አንዷ ለቅቃ ስትጠብቅ ሌሎቹ አክቲኑን አልፈውባት ሊስቡት ይችላሉ። ሸክሙ ቀላል ከሆነ አክቲኑ ብዙ መንገድ ሄዶ እሷ አንድ ጊዜ ብቻ ይዛ ሊሆን ይችላል። ፈተና ላይ «በግምት» ብለሽ ጻፊ።

ሁለተኛውን ራሱ አሳ ቆራጩ ሊነግርሽ ይችላል። የለቀቀው ሥጋ ሲነኩት እንዴት ነው?

አሳ ቆራጩ

ለስላሳ ነው፤ ግን እንደ ጠዋቱ አይደለም። የጠዋቱ በጣት ሲጫኑት ተመልሶ ይነሳል። የማታው ወይም የነገው ብዙም አይነሳም፤ ጨው ብትነሰንስበትም ንቅንቅ አይልም።

ጋሼ ፊዚዮ

መልሱ ይኸው። ኤቲፒ አልመጣም፤ ማዮሲኑም በሥርዓቱ አልለቀቀም። የክሩን መዋቅር የያዙትን ፕሮቲኖች የጡንቻው የራሱ ኤንዛይሞች ቆራረጧቸው። በተለይ ሳርኮሜሮችን እርስ በርስ የሚያያይዘው ዚ መስመር አካባቢ ይፈታል። ሥጋው የለሰለሰው ማሰሪያው ስለተበጣጠሰ ነው። ለዚህ ነው ከዚያ በኋላ ጨውም፣ ኤሌክትሪክም፣ ምንም ብታደርጊበት የማይኮማተረው።

የነርሲንጓ ልጅ

እንግዲህ ፈተናው ላይ «ኤቲፒ የት የት ይሠራል» ቢሉኝ ማዮሲኑ እንዲለቅና አንገቱን እንዲቀለብስ፣ ካልሲየሙ ወደ ማከማቻው እንዲመለስ እላለሁ። የቀረ አለ?

ላብ ልጅ

ሶዲየምና ፖታሲየሙን የሚመልሰው ፓምፕ። እሱ ከቆመ የክሩ ቮልቴጅ ቀስ በቀስ ይጠፋል፤ መልእክቱን የሚያስነሳ ነገር አይኖርም። የትናንቱ ፊሌቶ በጨው ያልተንቀጠቀጠበት አንዱ ምክንያት ይኼ ነው።

የነርቭ ጫፉን ነገር ግን አልተውኩም ጋሼ። አክስትሽ ጋ ቅዳሜ ብመጣ አንድ ፊሌቶ ትሸጪልኛለሽ? በቀስታ ከላይ ብቻ አንድ ፍሬ ጨው አስቀምጬ፣ መንቀጥቀጡ ፍሬው ካለበት ቦታ ምን ያህል እንደሚርቅ ማየት እፈልጋለሁ።

የነርሲንጓ ልጅ

ና፣ ግን ቀደም ብለህ። ከረፈደ የደረቀውን ነው የምታገኘው። ደንበኞች ፊት ደግሞ ጨው እንዳትነሰንስ፤ አክስቴ ታባርረናለች።

ሰነፉ

ፊሌቶውን ከሙከራው በኋላ ማን ነው የሚበላው? ጾሙን ስንፈታ ማለቴ ነው።